ከሠርጉ ፎቶ ላይ ሰውየውን ያጠፋው የማን እጅ ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አራት ኪሎ የምኖር የ23 ዓመት ወጣት ስሆን አንድ አጭር ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ቤተልሔም የምትባል የ15 ዓመት ልጅ፣ ዶሮ ማነቂያ ያለው የአያቷ ቤት በ2016 ዓ.ም. ሊፈርስ ዕቃ ሲሸከፍ፣ ሳሎን ተሰቅሎ የኖረው የሴት አያቷ የ1956 ዓ.ም. የሠርግ ፎቶ ተነካክቶ አንድ ሰው እንዲጠፋበት መደረጉን ትደርስበታለች። የጠፋው ሰው በቀይ ሽብር የተገደለው የአያቷ ወንድም ነው። ረቂቁን ያነበቡ ጓደኞቼ «ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን ሰው ከፎቶ እንዴት ይጠፋል? ልጅቷስ በስልኳ አጉልታ ስላየች ብቻ እንዴት ታውቃለች?» አሉኝ። መጨረሻ ላይ አያቷ ሁሉንም የሚያስረዱበትን ሦስት ገጽ ደግሞ «የሬዲዮ ድራማ ይመስላል» አሉት። ረቂቁን አያይዣለሁ። ምን ላድርገው?
ጀማሪዋ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ውድ ጀማሪዋ፣ ጓደኞችሽ በመጀመሪያው ጥያቄ ተሳስተዋል፤ በሁለተኛው ግን ልክ ናቸው። ሰውን ከፎቶ ማጥፋት ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ሥራ ነው። የሶቪየት ኅብረት የጸጥታ ሹም የነበረው ኒኮላይ ዬዦቭ ከስታሊን ጎን በቦይ ዳር ቆሞ የተነሳው ፎቶ አለ፤ ሰውየው በ1940 እ.ኤ.አ. ከተገደለ በኋላ ያው ፎቶ ሲታተም እሱ በቆመበት ቦታ የሚታየው የቦዩ ውኃ ብቻ ነው። እኔም በወጣትነቴ ፒያሳ ከአንድ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ሠርቻለሁ፤ የፊት ጠባሳ ማጥፋት፣ የተቀደደ ፎቶ መጠገን፣ አብረው ተነስተው የማያውቁ ባልና ሚስትን በአንድ ፎቶ ማገናኘት ደንበኛ በየጊዜው የሚያዘው ሥራ ነበር። እንግዲህ ሰው ማጥፋት ከዚያው ሙያ የሚወጣ ነው፤ በዚህ በኩል አትስጊ።

የረቂቅሽ ችግር ሌላ ነው። ማን እንደጠፋ ነግረሽናል፤ ለምን እንደጠፋም ነግረሽናል፤ እንዴት እንደጠፋ ግን አንድም ቦታ አልወሰንሽም። «ፎቶው ተነካክቷል» ብለሽ አልፈሽዋል። ለዚህ ታሪክ ደግሞ ማን እንዳደረገው፣ መቼ እንዳደረገውና ምን ፈልጎ እንዳደረገው የሚናገረው አሠራሩ ነው። ስለዚህ ከሌላው ሁሉ በፊት እሱን ወስኚ። በዚህች ከተማ የአንድ ቤተሰብ ፎቶ ሊነካካ የሚችልባቸው መንገዶች በመሠረቱ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም የተለያየ ሰው፣ የተለያየ ዘመንና የተለያየ ልብ ይጠይቃሉ።

አንደኛው መቀስ ነው። መቀስ ምስክር አይፈልግም፤ አንድ ሰው መኝታ ቤቱን ዘግቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል። የሚተወው ምልክትም ግልጽ ነው፤ የዚያን ጊዜ ፎቶ ብዙውን ጊዜ በአራቱም ጎን ነጭ ጠርዝ ስለነበረው፣ ሦስት ጎን ጠርዝ ኖሮት አራተኛው ባዶ የሆነ ፎቶ ተቆርጧል ማለት ነው፤ አንዳንዴም የተቆረጠው ሰው እጅ በጎረቤቱ ትከሻ ላይ ቀርቶ ይገኛል። መቀስ የፍርሃት መሣሪያ ነው። በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከቤት ወደ ቤት አሰሳ ሲደረግ፣ መጽሐፍና ደብዳቤ እሳት ውስጥ የጨመሩ ቤተሰቦች ፎቶን የያዙት እንደዚሁ ነው፤ ወይ አቃጠሉት፣ ወይ ቆረጡት።

ሁለተኛው ኮምፒውተር ነው። ይህ የመጣው በልጆች ዘመን ነው፤ ፎቶ ቤቶች ያረጀ ፎቶ በፎቶሾፕ «እናድሳለን» የሚል ማስታወቂያ ከለጠፉ ወዲህ። ይህን ከመረጥሽ ጥፋተኛው አያት ሳይሆኑ የቤተልሔም እናት ወይም አጎት ይሆናሉ፤ ምክንያቱም ፖለቲካ መሆኑ ይቀርና ውርስ ወይም የፈረሰ ትዳር ይሆናል። ጥሩ ታሪክ ይወጣው ይሆናል፤ ያንቺ ታሪክ ግን አይደለም።

ሦስተኛው ብሩሽ ነው፤ ማለትም ፎቶው ላይ በቀለም ሰውየውን ሸፍኖ፣ የተቀባውን ፎቶ መልሶ በካሜራ ማንሳትና አዲስ ፎቶ ማጠብ። አንቺ የጻፍሽው ሳታውቂው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ፎቶሽ ሙሉ ነው፣ ፍሬም ውስጥ ነው፣ ሳሎን ተሰቅሏል። ብሩሽ ግን ባለሙያ ይጠይቃል፤ ጊዜ ይጠይቃል፤ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከሁሉም በላይ ምስክር ይፈጥራል። የጓደኞችሽ ጥርጣሬ ሊያርፍበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ1969 ዓ.ም. የሚፈለግን ወይም የተገደለን ሰው ፎቶ ይዞ ወደ ማያውቀው ፎቶ ቤት ሄዶ «ይህን ሰው አጥፉልኝ» የሚል ማን ነው? እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከፎቶው የባሰ ማስረጃ ነው። ፈርቶ ያደረገው ሰው መቀስ ይበቃው ነበር።

መልሱ ረቂቅሽ ውስጥ አለ፤ አንቺ ግን አልተጠቀምሽበትም። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሎ የኖረ ነው። የእድሩ ሰው፣ ጎረቤቱ፣ የማኅበሩ ጠበልተኛ ሁሉ ቡና ሲጠጣ ያየዋል። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የቀበሌ ሰዎች ይጨመራሉ። እንዲህ ያለ ፎቶ ከግድግዳው ቢወርድ፣ ለዓመታት የጢስና የአቧራ ጥላሸት ያልነካው ንጹሕ አራት ማዕዘን በቦታው ይቀራል፤ ያየ ሁሉ «ፎቷችሁ የት ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል። ተቆርጦ ቢሰቀልማ ጥያቄው ይብሳል። ስለዚህ የቆረጠ ሰው የፈለገው ሰውየውን መደበቅ ሲሆን፣ በብሩሽ ያስጠፋ ሰው የፈለገው ግን ሠርጉ ያለ ሰውየው ሆኖ እንዲታይ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የመጀመሪያው በድንጋጤ ይደረጋል፤ ሁለተኛው ተቀምጦ ታስቦበት፣ ምናልባትም ባልና ሚስት ሌሊት በሹክሹክታ ተከራክረውበት ይደረጋል።

እንዲህ ከሆነ በረቂቅሽ ውስጥ በሁለት መስመር ሞተው የተቀበሩት አያቷ፣ ሙሽራው ማለቴ ነው፣ መነሳት አለባቸው። ፍሬሙን በጋዜጣ ጠቅልለው ከቤት ይዘው የወጡት እሳቸው ናቸው። ሴትዮዋ ተስማምተው ይሁን ወይም ሲመለሱ ግድግዳው ላይ አዲሱን አግኝተው ይሁን የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመታት እሱን ፎቶ አቧራ ሲያራግፉ የኖሩት እሳቸው ናቸው።

ባለሙያውስ ማን ይሁን? አስቀድሞ ሁሉን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት፤ እንግዳ ከሆነ ታሪኩ ይፈርሳል። ገጽ አራት ላይ ሁለተኛው ሚዜ «ፎቶ ቤት ይሠራ ነበር» ብለሽ ጽፈሽ ከዚያ ወዲያ ረስተሽዋል። ሰውየው እሱ ነው። ሙሽራው፣ ሁለተኛው ሚዜና የሙሽሪት ወንድም የአንድ ትምህርት ቤት ጓደኞች ነበሩ ብትዪ፣ ሙሽራው ሙሽሪትን ያወቀው በወንድሟ በኩል መሆኑም አብሮ ይፈታልሻል። እንግዲህ ሁለተኛው ሚዜ የገዛ ጓደኛውን፣ ያውም ከራሱ ጎን የቆመውን፣ በብሩሽ ያጠፋዋል። ሚዜ በእኛ ወግ ለሙሽሪት እንደ ወንድም ሊሆንላት ቃል የሚገባ ሰው ነው፤ ይህ እንግዲህ የእናቷን ልጅ ካስጠፋባት ሥራ ጋር እንዴት እንደሚጋጭ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ አንቺም በጽሑፍሽ እንዳታብራሪው እለምንሻለሁ።

አሁን ሥራውን እንይ፤ ልጅቷ ምን እንደምታገኝ የሚወሰነው እዚህ ነውና።

ሙሽሮቹ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወጥተው በዚያው ፒያሳ ካለ ፎቶ ቤት ገብተዋል እንበል። ከበስተጀርባ ዓምድና መጋረጃ የተሳለበት ሸራ፣ ከእግር በታች አበባ ያለው ምንጣፍ አለ። የሙሽሪት እናት ነጠላቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሌሎቹ ቆመዋል። ወንድምየውን ዳር ላይ አታቁሚው፤ ዳር ቢሆን መቀስ ይበቃ ነበር። ከሙሽሪት ቬሎና ከሁለተኛው ሚዜ መካከል፣ ከሁለቱም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይቁም። እንዲህ ሲሆን ከሰውነቱ ከፊሉ በቬሎው፣ ከፊሉ በሚዜው ትከሻ ይሸፈናል፤ ለአጥፊው የሚቀረው ፊቱ፣ ደረቱና ከጉልበት በታች ያለው ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ኔጋቲቭ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ጠፍቷል ወይም ፎቶ ቤቱ ራሱ ባለቤት ለውጧል በዪ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥም ነበር። ስለዚህ ሰውየው የሚሠራው ሳሎን በነበረው በዋናው ፎቶ ላይ ነው። ጥቁርና ነጭ የውኃ ቀለም ቀላቅሎ ከሸራው ግራጫ ጋር እስኪመሳሰል ይሞክራል፤ በጣም ቀጭን ብሩሽ ይይዛል፤ ፊቱን ይሸፍናል። ሸራው ላይ የተሳለው መጋረጃ በፎቶው ውስጥም ብዥ ያለ ስለሆነ ይህ ክፍል ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ወለሉ ነው። የምንጣፉ አበባ ልክ ባለው ርቀት እየተደጋገመ የሚሄድ ነው፤ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ደግሞ እያነሰ ይመጣል፤ በእጅ አስመስሎ መቀጠል ትዕግሥት ይጨርሳል። በዚህ ሙያ ያየኋቸው ሰዎች ሁሉ ፊት ላይ ይጠበቡና እግር ላይ ሲደርሱ ይቸኩላሉ፤ ፎቶ የሚያይ ሰውም እንደዚሁ ከፊት ጀምሮ እግር ሳይደርስ ስለሚያቆም ብዙ ጊዜ አያስነቅፋቸውም።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ፎቶውን ግድግዳ ላይ አጣብቆ፣ ግራና ቀኝ እኩል መብራት ከጎን እያበራ እንዳያንጸባርቅ አድርጎ፣ በካሜራ ያነሳዋል። ከአዲሱ ኔጋቲቭ በፍሬሙ ልክ ያጥባል። የብሩሹ ጭረት፣ የቀለሙ ውፍረትና ድንግዝግዝታ በዚህ ጊዜ ይጠፋሉ፤ አዲሱ ፎቶ ገጹ ሁሉ አንድ ዓይነት ልሙጥ ነው። ቤተልሔም በእጇ ብትዳስሰው ቀለም አታገኝም፤ ስለዚህም ረቂቅሽ ውስጥ «የቀለሙን ሻካራነት በጣቷ ነካች» ያልሽው አይሆንም። በስልክ አጉልቶ ማየትም አይረዳትም፤ ያረጀ ፎቶ ሲጎላ ሁሉ ነገሩ እኩል ይደበዝዛልና የተሳለውና የተነሳው አይለዩም።

ታዲያ በምን ትወቀው? ከፎቶ ላይ የተነሳ ፎቶ ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል። የዋናው ፎቶ ቁስል ሁሉ አብሮ ይነሳል። ዋናው በአንድ ጥጉ ታጥፎ ተሰንጥቆ ከነበረ፣ አዲሱ ላይ ስንጥቁ ይታያል፤ በጥፍር ሲዳሰስ ግን የለም። የ15 ዓመት ልጅ ስለ ፎቶ ምንም ሳታውቅ ልታስተውለው የምትችለው ነገር ይህ ነው፤ ዓይኗ ያየውን ጣቷ ሲያጣው ትደነግጣለች። ከዚህ ሌላ የአያቷ እናት ነጠላ ጥለቱ ጠፍቶ አንድ ነጭ ሆኗል፤ የወንዶቹ ኮትና ሱሪ ተቀላቅሎ አንድ ጥቁር ሆኗል፤ ፎቶ ከፎቶ ሲነሳ በጣም ነጩም በጣም ጥቁሩም ቦታ ዝርዝሩን ያጣልና። ይህን ግን ልጅቷ ራሷ ልታውቀው አትችልም፤ ብትፈልጊ ሌላ ሰው ይንገራት፤ እኔ ብሆን እተወዋለሁ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የማይዳሰስ ስንጥቅ ፎቶው ቅጂ መሆኑን እንጂ ሰው መጥፋቱን አያረጋግጥም። ብዙ ቤተሰብ ያረጀ ፎቶውን እንዲህ አስነስቶ አሳድሷል፤ ምንም ምስጢር የለበትም። ስለዚህ እናቷ ዕቃ እያሰረች «አርጅቶ አሳድሰውት ይሆናላ» ብላ ቀና ሳትል ትመልስላት፤ ልጅቷም ትመናት። አንባቢው የሚያምንሽ ባለታሪክሽ በመጀመሪያው ምልክት ስላልዘለለች ነው። ረቂቅሽ ውስጥ በአንድ አንቀጽ ሁሉን ስለምትደርስበት ነው ጓደኞችሽ የሳቁት።

ሁለተኛው ምልክት ከፍሬሙ ጀርባ ይምጣ። ፍሬም ሠሪዎች ከካርቶኑ ሥር ጋዜጣ ያደርጉ ነበር። ሚስማሮቹ ሲነቀሉ የ1970 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ይውጣ፤ ሠርጉ የ1956፣ ጋዜጣው የ1970። ይህም ቢሆን የሚናገረው ፍሬሙ መቼ እንደታሸገ ብቻ ነው፤ ልጅቷን ግን «በዚያ ዓመት ይህን ፎቶ ማን ነካው?» ወደሚለው ጥያቄ ይገፋታል። የጋዜጣውን ርዕስ ከራስሽ አትፍጠሪ፤ ወመዘክር ሄደሽ የዚያን ዓመት ጥራዝ አስወጪና እውነተኛውን ዕለት ምረጪ። ገጹ ላይ የምታገኚው ማስታወቂያ ወይም የስፖርት ዜና፣ አንቺ ልትፈጥሪው ከምትችይው ትልቅ ርዕስ የተሻለ ነው።

በነገራችን ላይ ፎቶውን ከፍሬሙ በአንድ ጊዜ መዝዛ አወጣችው ብለሻል። እርጥበት ባለው የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ለብዙ ዓመታት ከመስተዋት ጋር ተጣብቆ የኖረ ፎቶ እንዲህ አይወጣም፤ የፎቶው ገጽ መስተዋቱ ላይ ይጣበቅና ሲጎትቱት ወረቀቱ ብቻ ይመጣል። ታች ጥጉ ላይ ትንሽ እንደተጣበቀ ተዪውና ልጅቷ ቀስ ብላ ከላይ በኩል ትግለጠው፤ የታጠፈውም ስንጥቅ ያለው ከላይ ይሁን።

ሦስተኛው ምልክት ጫማው ነው። ከቬሎው ጫፍና ከሁለተኛው ሚዜ እግር መካከል፣ ምንጣፉ ላይ፣ የአንድ ጥቁር ጫማ አፍንጫ ቀርቷል። ሚዜው ሁለት እግር አለው፤ ሁለቱም ይታያሉ። ሙሽሪት ነጭ ነው የተጫማችው። ጫማው የማንም አይደለም። ከጫማው በላይ ያለው የምንጣፍ አበባም ከሌሎቹ ይሰፋል፤ በእጅ የተሠራ ነውና። ይህን ለማየት ስልክ አያስፈልግም፤ ዕቃ በሚሸከፍበት ቤት ፎቶው ወለል ላይ እግሩ ወደ ላይ፣ ራሱ ወደ ታች ሆኖ ቢቀመጥና ልጅቷ እንዲያ ብታየው ዓይኗ መጀመሪያ እግር ላይ ያርፋል። ገልብጦ ማየት የፎቶ አራሚዎችም ስሕተታቸውን ለመያዝ የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ወለድሽን ልታቆሚው ትችያለሽ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽና አንቺ ፍረጂ። በቀለም የተሸፈነው ዋናው ፎቶ የት ሄደ? አልተቃጠለም ብንል፣ ወንድምየው እዚያ ከቀለሙ ሥር እንዳለ ነው። የውኃ ቀለም በፎቶ ላይ ሲቀባ ምስሉን አይበላውም፤ በላዩ ይቀመጣል፤ በእርጥብ ጥጥ በጥንቃቄ ሲነካ መልሶ ይለቃል፤ ምንም እንኳ ውኃው የፎቶውን ገጽ ሊያብጠው፣ ጥላም ሊተውበት ቢችልም። ያ ፎቶ ሁለተኛው ሚዜ ቤት ይኑር። ሰውየው ሞተዋል፤ ሴት ልጃቸው ለመሰናበት ስትመጣ በፖስታ አድርጋ ታምጣው። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ከሥሩ በአያትየዋ የልጅነት የእጅ ጽሑፍ የቆሙትና የተቀመጡት ሰዎች ስም ከግራ ወደ ቀኝ በተራ ተጽፏል፤ ያኔ ለማስታወሻ እንዲህ መጻፍ የተለመደ ነበር። ስሙ ስድስት ነው፤ ፊት ለፊት ያለው ሰው አምስት። አጥፊው የሠራው በገጹ ላይ ብቻ ስለሆነ ጀርባውን አልነካውም። ማስረጃ የሚባለው ይህ ነው፤ ቤተልሔምም የአያቷን ወንድም ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የምታነበው እዚህ ነው። ረቂቅሽ ላይ ስሙን በመጀመሪያው ገጽ ነግረሽናል፤ ከዚያ አውጪው።

ጥጥና ውኃ የሚያመጣ ሰው ይኖራል፤ እናቷ ትሁን። ቀለሙ ይጠረግ ወይስ ይቆይ የሚለው ክርክር ከሦስቱ ገጽ ማብራሪያ ሁሉ የበለጠ ይናገራል፤ ቀለሙ ራሱ የተደረገውን ነገር የሚመሰክር ነውና፣ ሲጠረግ ወንድምየው ይመለሳል፣ የባልየውና የሚዜው ሥራ ግን ይጠፋል። እኔ ብሆን ሴትዮዋን «ተዉት» አሰኛቸዋለሁ፤ ምክንያቱን ግን አልጽፍም። አንቺ ሌላ ብትመርጪ አልቃወምም፤ ብቻ የሚወስኑት እሳቸው ይሁኑ እንጂ ልጅቷ አትሁን።

ስለ ሦስቱ ገጾች። ይህን ያህል ዘመን ዝም ያሉ እናት፣ የልጅ ልጃቸው ስለጠየቀቻቸው ብቻ «በዚያን ጊዜ ሁኔታው እንዲህ ነበር» ብለው በአንቀጽ አይናገሩም። ደርግን ለአንባቢ ማስረዳትም የሳቸው ሥራ አይደለም፤ ፒያሳ ተወልዶ ያደገ አንባቢ 1969 የሚል ቁጥር ሲያይ ይበቃዋል። ልጅቷ «የጠፋው ሰው ማን ነው?» ብላ አትጠይቃቸው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ንግግር ይጠራል። «እማማ፣ ይሄ ጫማ የማነው?» ትበላቸው። እሳቸውም «የተዋሰው ነው» ይበሏት። ከማን እንደተዋሰው ስትጠይቅ ከሁለተኛው ሚዜ መሆኑን ይንገሯት። እንግዲህ ሚዜው ጓደኛውን ሲያጠፋ የራሱን ጫማ ነው የተወው። ረስቶት ይሁን ወይም ሆን ብሎ አንቺም አትወስኚ፤ ከወሰንሽ ነገሩ ተረት ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ ስለማይረባ ነገር ያውሩ፤ ፎቶ አንሺው እንዴት እንዳቆያቸው፣ ቬሎው ኪራይ እንደነበረ፣ ጫማው ጠቦት ወንድማቸው ቀኑን ሙሉ ሲያነክስ እንደዋለ። ስለሞቱ አንድ ቃል አያስፈልግም።

ከገጽ አሥራ አንድ እስከ አሥራ ሦስት ያለውን አውጥተሽ ጣይው። ከውስጡ የምትተርፈው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ አያትየዋ ለጫኞቹ «እሱን ከሳህኑ ጋር እንዳትከቱት» የሚሉት። ለእኔ ከረቂቁ ሁሉ የተሻለችው እሷ ናት፤ ከጫማው ጨዋታ በፊት አድርጊያት።

የቀረው የሒሳብ ሥራ ነው። አያትየዋን በ2016 ዓ.ም. የ65 ዓመት ሴት አድርገሻቸዋል፤ እንዲህ ከሆነ በ1956 ሲያገቡ አምስት ዓመታቸው ነበር ማለት ነው። በ18 ዓመታቸው አግብተው ከሆነ አሁን 78 ናቸው፤ ደረጃ እየወጡ ዕቃ ሲያወርዱ ያሳየሽበትን ቦታም በዚሁ አስተካክይ። ወንድማቸውን በ1969 ዓ.ም. «ለጋ ተማሪ» ብለሽዋል፤ በሠርጉ ዕለት ኮት ለብሶ ከሙሽራው እኩዮች ጋር የቆመ የ20 ዓመት ወጣት ከነበረ፣ ያኔ 33 ሞልቶታል። አስተማሪ አድርጊው፤ ባለትዳርም ሊሆን ይችላል። ባለትዳር ከሆነ ግን ሚስቱ ያ ፎቶ የተሰቀለበት ሳሎን ከዚያ በኋላ ገብታ ታውቅ እንደሆነ ማሰብ ይኖርብሻል፤ ረቂቁን መልሰሽ ስትልኪልኝ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው።